ማሰሪያ አንቀጽ ጠላት ሲሆን፦ ከ6 ወደ 7 ስለ መሻገር

አይኤልትስ ተፈትኖ በጽሑፍ 6 ያመጣ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ትልልቅ ቃላት የተደረደሩበትን ወረቀት ፎቶ ኮፒ ያስደርጋል። «ኔቨርዘለስ»ንና «ፈርዘርሞር»ን ይሸመድዳል። ዓረፍተ ነገሮቹን እንደ ላስቲክ ይስባቸዋል። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ የፈተና ክፍያ ከፍሎ ይቀመጥና ያው 6 ይዞ ይመለሳል። ከዚያ «ፈታኙ ክፉ ነው» ይባላል።

እኔ ደግሞ ፈታኙ ክፉ አይደለም ባይ ነኝ። ችግሩ ያለው የማይፈለገውን ነገር ደጋግመን በማቅረባችን ላይ ነው።

ፈታኙ ፊቱ መመዘኛ አለ፤ ለሕዝብም ክፍት ነው። ስለ ሰዋስው የሚለውን ክፍል ብቻ እንየው። ባንድ 6 የሚያገኘው ቀላልና ውስብስብ ዓረፍተ ነገር የሚቀላቅል፣ ውስብስቡ ላይ ሲደርስ ግን ስህተት የሚያበዛ ሰው ነው። ባንድ 7 የሚያገኘው ደግሞ ልዩ ልዩ ውስብስብ ዓረፍተ ነገሮችን የሚጠቀም፣ ምንም ስህተት የሌለባቸው ዓረፍተ ነገሮችም በብዛት የሚገኙበት ጽሑፍ ነው። ጥቂት ስህተት ይፈቀድለታል። ስለ ዓረፍተ ነገር ርዝመት የሚል ነገር የለም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ያስረዘመው ወዳጃችን ያደረገው ነገር ቢኖር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚሳሳትበትን ቦታ ከአንድ ወደ ሦስት ማሳደግ ነው።

ለምን እንሳሳታለን? መልሱ ከአፍ መፍቻ ቋንቋችን ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። «ጠዋት ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ሄደ» በሉ። አሁን የመጨረሻዋን ቃል ብቻ «ይሄዳል» አድርጓት። ሁሉም ነገር ተለወጠ! ትናንት የተደረገው የየቀኑ ልማድ ሆነ። ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ተሳፍሮ የሚሉት ራሳቸው ጊዜ የላቸውም፤ ጊዜውን የሚወስንላቸው ማሰሪያ አንቀጹ ነው። እኛ እንግዲህ አንዷን ግሥ አስተካክለን ሌሎቹ ይከተሏታል ብለን ያደግን ሰዎች ነን። እንግሊዝኛ ውስጥ ግን በ«ኤንድ» የምንደረድራቸው ግሦች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጊዜ ይሸከማሉ። ማንም ለማንም አይሸከምም።

ግራፍ ስንገልጽ ይህ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አንድ ምናባዊ ግራፍ እንውሰድ፤ በአንድ ከተማ ኮምፒውተር ያላቸው ቤተሰቦች በ1990 20 በመቶ፣ በ2000 45 በመቶ፣ በ2010 70 በመቶ ነበሩ፤ በ2040 ደግሞ 90 በመቶ እንደሚደርሱ ይገመታል። የባንድ 6 ተፈታኝ የሚጽፈው፣ እንደ ታክሲ ወሬያችን ቀላቅዬ ልንገራችሁና፣ ይህን ይመስላል፦

«ግራፉ የኮምፒውተር ባለቤቶችን ብዛት ‹ሾውድ›። በ1990 20 በመቶ ‹ሃድ›፣ በ2000 ወደ 45 ‹ራይዝስ›፣ በ2010 70 ‹ሪችድ›፣ በ2040 90 ‹ሪችስ›።»

አንድ ሰው «የጊዜ ወጥነት ጠብቅ» ብሎ ቢመክረው ሁሉንም ወደ ኃላፊ ጊዜ ይቀይረዋል፤ 2040ም አብሮ ያልፋል ማለት ነው! ወጥነት ማለት ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጊዜ መጻፍ አይደለም። ግሡ ዓመቱን ይከተል ማለት ነው። ግራፉ አሁንም ፊታችን ስላለ «ሾውስ» ይባላል። 1990፣ 2000 እና 2010 ስላለፉ «ሃድ»፣ «ሮዝ»፣ «ሪችድ» ይባላሉ። 2040 ግምት ስለሆነ «ኢዝ ፕሮጀክትድ ቱ ሪች» ይሆናል። በአንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ፣ ሦስቱም ትክክል። ስህተት የሚሆነው በዓመቱ ላይ ምንም ሳይለወጥ ግሡ ሲለወጥ ነው፤ ከላይ «ራይዝስ» ያለው ልክ እንደዚያ ነው።

አሁን ዓረፍተ ነገሮቹን እንይ። ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም በዓመት ይጀምራሉ፤ እየተነበቡ ሳይሆን እየተቆጠሩ ይመስላሉ። በዚያ ላይ አራቱ በኮማ ብቻ ተጣብቀዋል። በአማርኛ እንዲህ መደርደር ያምራል፤ እንግሊዝኛ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ ብቻ ማያያዝን ስህተት ብሎ ይቆጥረዋል። ለማስተካከል አሥራ ሁለት ዓይነት አወቃቀር አያስፈልግም፤ ሁለት ይበቃል። አንደኛው «ዊች» ነው፦ በ1990 20 በመቶ ብቻ የነበረው ድርሻ በ2000 ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሁለተኛው «ኦልዞ» ነው፦ እስከ 2010 ዕድገቱ ፈጣን ቢሆንም ከዚያ በኋላ እንደሚቀዘቅዝ ይገመታል። ከዚያ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፦ በ2040 ድርሻው 90 በመቶ እንደሚደርስ ይጠበቃል። ሁለት ውስብስብ፣ አንድ ቀላል። አራቱ ዓመታት ሳይጎድሉ ለዋጡም ታይቷል።

እነዚህ ሁለት አወቃቀሮች ግን ለእኛ የተጠመደ ወጥመድ አላቸው። «የገዛሁት ቤት» ስንል በ«ገዛሁት» ውስጥ ያለችው «ት» ቤቱን ታመለክታለች። ስለዚህ በእንግሊዝኛም «ዘ ሃውስ ዊች አይ ቦት ኢት» ማለት ይቀናናል። «ኢት» ትርፍ ናት፤ ትሰረዝ። «ዋጋው ቢወደድም ግን ሰው ይገዛዋል» እንላለን፤ በእንግሊዝኛ «ኦልዞ» ካልን በኋላ ግን «በት» አይጨመርም። ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። እነዚህን ሁለት ቃላት ከውስብስብ ዓረፍተ ነገሮቹ ላይ ያነሳ ሰው መመዘኛው «ውስብስቡ ላይ ስህተት ያበዛል» ከሚለው መደብ መውጣት ይጀምራል።

«ታዲያ 7 መድረሴን በምን አውቃለሁ?» ለሚል ሰው የምመክረው ቆጠራ ነው። 250 ቃል ያህል የሆነ ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል። እንግሊዝኛው ደህና የሆነ ጓደኛ አንድም ስህተት በሌለበት ዓረፍተ ነገር ፊት ምልክት ያድርግ፤ የኮማና የ«ዘ» ግድፈትም ይቆጠር። ከ14 ውስጥ 5 ብቻ ካመለጡ የችግሩ ቦታ ታወቀ። መመዘኛው «በብዛት» ይላል እንጂ ቁጥር አይሰጥም፤ እኔ ግን ከግማሽ በታች ከሆነ 7 መጠበቅ የዋህነት ነው እላለሁ። ከግማሽ በታች የሆነ ሰው አዲስ ቃል መሸምደዱን ትቶ ረጃጅሞቹን ዓረፍተ ነገሮች ለሁለት ይቁረጣቸው። በፈተናው ቀንም የመጨረሻዎቹን አራት ደቂቃዎች ለግሦች ብቻ ይስጥ፤ እያንዳንዱን ግሥ በጣቱ እየነካ «መቼ?» ብሎ ይጠይቅ።

ይህ ግን ተአምር አይደለም። ሰዋስው ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ነው፤ ክብደቱም አንድ አራተኛ። ሌሎቹ ሦስቱ፣ ማለትም ለጥያቄው የተሰጠው መልስ፣ የሐሳብ ቅንብሩና የቃላት አጠቃቀሙ፣ 6 ላይ ተቀምጠው ሰዋስው ብቻውን 7 ቢሆን አማካዩ 6.25 ነው። ስለዚህ «ግሤን አስተካከልኩ፣ 7 አምጡልኝ» ማለት አይቻልም። ይሁንና ከአራቱ ውስጥ ቤት ተቀምጦ፣ በእርሳስ፣ እየቆጠሩ ሊያሻሽሉት የሚቻለው ይኸኛው ነው። ያውም ያለ ፎቶ ኮፒ።