አፖስትሮፉን ሳይሆን ትእዛዙን ማረም ይገባል

በአማርኛ መረጃ ተፈትኖ ያለ እንከን የሠራ ፕሮግራም የአፋን ኦሮሞ መረጃ ሲገባበት ሊሰናከል ይችላል። ምክንያቱ አንዲት ትንሽ ምልክት ናት። አማርኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ በቃሉ መካከል አፖስትሮፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በይፋ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ግን ሁዻ የተባለውን የጉሮሮ ድምፅ የሚያመለክተው በአፖስትሮፍ ነው። `har'a` «ዛሬ»፣ `ja'a` «ስድስት»፣ `re'ee` ደግሞ «ፍየል» ማለት ነው። በእነዚህ ቃላት ውስጥ ምልክቱ የአጻጻፉ አካል እንጂ ጌጥ ወይም የትየባ ስሕተት አይደለም።

በኤስኪውኤል ቋንቋ ያው ምልክት ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ሆኖ ጽሑፍ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ወሰን ያሳያል። የሁለቱ ሥራዎች ግጭት በአብዛኛው የሚነሣው ከመረጃ ደኅንነት ጋር ተያይዞ ነው። ጄፍ ፎሪስታል እ.ኤ.አ. በ1998 «ፍራክ» በተባለው መጽሔት ስለ ጥቃቱ ከጻፈ ወዲህ ነገሩ የሰርጎ ገቦች ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። በመሆኑም ከበይነ መረብ ጋር ያልተገናኘ፣ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚሠራ ተመራማሪ ጉዳዩ እንደማይመለከተው ሊያስብ ይችላል። ይህ አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው። የተጠቃሚን ጽሑፍ ከትእዛዝ ጋር መለጠፍ አጥቂ ባይኖርም የጥናትን መረጃ ያጎድላል፤ የሚያጎድለውም በዘፈቀደ አይደለም።

ጉድለቱ እንዴት ይፈጠራል?

አንድ የሥነ ልሳን ተማሪ የአፋን ኦሮሞ ቃላትን ከነትርጉማቸው በኤስኪውላይት የመረጃ ቋት ውስጥ ሊያከማች ተነሣ እንበል። ስድስት ቃላት አሉት፤ `har'a`፣ `ja'a`፣ `bu'aa`፣ `re'ee`፣ `mana` እና `bishaan`። በፓይተን የጻፈው ፕሮግራም የሚከተለው ነው።

```python
for w, g in rows:
    cur.execute("INSERT INTO words (word, gloss) "
                "VALUES ('" + w + "', '" + g + "')")
```

ቃሉ `mana` ሲሆን ችግር የለም። ቃሉ `har'a` ሲሆን ግን ለቋቱ የሚደርሰው ትእዛዝ ይህን ይመስላል።

```sql
INSERT INTO words (word, gloss) VALUES ('har'a', 'ዛሬ')
```

ኤስኪውላይት ትእዛዙን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያነብ ጽሑፉ `'har'` ላይ እንዳበቃ ይቆጥራል። ከዚያ ኮማ ወይም የሚዘጋ ቅንፍ ሲጠብቅ `a` ታጋጥመዋለች፤ ለእርሷም በሰዋስዉ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ `near "a": syntax error` የሚል መልእክት ሰጥቶ ሥራውን ያቆማል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ጉዳት ቀላል ነው፤ ስሕተቱ ራሱን ገልጧልና። አደጋው የሚጀምረው ተማሪው ከዚህ በኋላ በሚወስደው እርምጃ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮችን በሚያስገባ ሥራ መካከል ፕሮግራሙ ደጋግሞ ሲቆም፣ ብዙ ጀማሪዎች ትእዛዙን `try` እና `except` ውስጥ ከተው ስሕተቱ በ`pass` እንዲታለፍ ያደርጋሉ። ፕሮግራሙም እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ከስድስቱ ቃላት ወደ ሰንጠረዡ የገቡት ግን `mana` እና `bishaan` ብቻ ናቸው።

የጠፉት አራቱ ቃላት በአጋጣሚ አልጠፉም፤ ሁሉም ሁዻ ያለባቸው ናቸው። ከዚህ ሰንጠረዥ ተነሥቶ የጉሮሮ ድምፅ በቋንቋው ውስጥ ምን ያህል እንደሚደጋገም የሚቆጥር ጥናት ዜሮ ያገኛል። የቃላትን ርዝመት ወይም የአናባቢዎችን አቀማመጥ የሚመረምር ጥናትም አንድ ወገን ቃላት በሙሉ በተቀነሱበት ናሙና ላይ ይቆማል። የናሙናውን መጠን መጨመር ጉድለቱን አያርመውም፤ አዲስ የሚገባው መረጃ በዚያው ወንፊት ያልፋልና።

ጉድለቱ መድረሱን ማወቅ ግን አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ በምንጩ ፋይል ያሉት መስመሮች ብዛት ሰንጠረዡ ውስጥ ካለው ጋር ይነጻጸራል። ቀጥሎም አፖስትሮፍ ያለባቸው ቃላት ይቆጠራሉ። በኤስኪውላይት 39 የምልክቱ መለያ ቁጥር ስለሆነ ትእዛዙ እንዲህ ይጻፋል።

```sql
SELECT COUNT(*) FROM words WHERE instr(word, char(39)) > 0;
```

የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ በያዘ ሰንጠረዥ ላይ መልሱ ዜሮ ከሆነ፣ መረጃው በመንገድ ላይ ተጎድቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

መፍትሔ የሚመስሉ ሁለት ልማዶች

የመጀመሪያው ልማድ ምልክቱን ከመረጃው ላይ መሰረዝ ነው። ይህ አሠራር «መረጃን ማጽዳት» ተብሎ ሲጠራ ይሰማል። ነገር ግን `re'ee` ምልክቱ ሲወጣለት `reee` ይሆናል፤ ሦስት አናባቢ በተከታታይ የሚጻፍበት ሥርዓት ደግሞ በቁቤ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሰንጠረዡ ቋንቋው የማያውቀውን ቃል ይዞ ይቀራል፤ ትክክለኛውን ቃል የሚፈልግ ሰውም አያገኘውም። የተሰረዘው ምልክት በሰው ስም ውስጥ የነበረ ከሆነ ደግሞ ግለሰቡ በሌላ ሰነድ ላይ ካለው ስሙ ጋር አይመሳሰልም። የመሣሪያውን ድክመት ለመሸፈን ሲባል የተናጋሪውን ቃል መለወጥ ማጽዳት ሊባል አይገባም።

ሁለተኛው ልማድ ምልክቱን እጥፍ ማድረግ ነው። በኤስኪውኤል ሕግ መሠረት በጽሑፍ ውስጥ ሁለት አፖስትሮፍ ተከታትሎ ሲመጣ እንደ አንድ ይነበባል፤ ስለዚህ `'har''a'` ትክክለኛ አጻጻፍ ነው። ይህን ዘዴ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ድክመቱ በሰው ማስታወስ ላይ መመሥረቱ ነው። ትእዛዝ በሃያ ቦታ በሚጻፍበት ፕሮግራም ውስጥ በአንዱ ቦታ ከተረሳ ጉድለቱ በዚያ ይገባል። ሁለት ሰዎች በየፊናቸው ካጠፉት ደግሞ በሰንጠረዡ ውስጥ ባለ ሁለት አፖስትሮፍ ቃል ይቀመጣል። በተጨማሪም ሕጉ ከቋት ቋት ይለያያል። ማይኤስኪውኤል በተለመደው አቀማመጡ ወደ ኋላ ያዘነበለውን ጭረት ልዩ ምልክት አድርጎ ስለሚያነብ፣ በዚህ ጭረት የሚያበቃ ጽሑፍ የመዝጊያውን ትእምርተ ጥቅስ ሥራ ያሳጣዋል።

ጽሑፍን ከትእዛዝ መለየት

የባለፓራሜትር ትእዛዝ ብልጫ ምልክቱን በብልሃት ማለፉ ሳይሆን፣ ግጭቱ የሚፈጠርበትን ቦታ ጨርሶ ማስወገዱ ነው።

```python
cur.execute("INSERT INTO words (word, gloss) VALUES (?, ?)", (w, g))
```

ኤስኪውላይት በመጀመሪያ የጥያቄ ምልክቶቹን የያዘውን ትእዛዝ ብቻ ተቀብሎ ሰዋስዉን ይመረምራል፤ ምን እንደሚሠራም ይወስናል። በዚህ ጊዜ `har'a` የሚለው ቃል ገና አልደረሰም። ቃሉ የሚመጣው ውሳኔው ካለቀ በኋላ በተዘጋጀለት ቦታ ላይ ሊቀመጥ ነው። እንደ ትእዛዝ ስለማይነበብም በውስጡ ያለው አፖስትሮፍ ምንም ነገር ሊዘጋ ወይም ሊከፍት አይችልም። ከደኅንነት አንጻር የሚፈራው ጥቃት የሚከሽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። በፍለጋ ሳጥን ውስጥ `x' OR 'a'='a` ብሎ የጻፈ ሰው በተለጠፈ ትእዛዝ የሰንጠረዡን መስመሮች በሙሉ ያገኛል፤ በባለፓራሜትር ትእዛዝ ግን ልክ እንዲህ ተብሎ የተጻፈ ቃል ተፈልጎለት ምንም አያገኝም። የቃል መጥፋትና የመረጃ መሰረቅ የአንድ ምክንያት ሁለት ውጤቶች ናቸው።

ዘዴውን ሲጀምሩ የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የጥያቄ ምልክቱን በትእምርተ ጥቅስ ማጠር ነው፤ `'?'` ተብሎ ከተጻፈ ቦታ ያዥ መሆኑ ይቀርና ተራ ጽሑፍ ይሆናል። ሁለተኛው አንድ ዋጋ ብቻ ሲላክ ኮማውን መርሳት ነው። `(w,)` መባል ሲገባው `(w)` ከተባለ፣ ፓይተን ቃሉን በየሆሄው ይቆጥረዋል፤ ለ`har'a` አንድ ዋጋ ሲጠበቅ አምስት መጡ የሚል የስሕተት መልእክት ይወጣል። ከፓይተን ወደ ፖስትግሬስ ትእዛዝ ሲላክ ደግሞ ቦታ ያዡ በተለምዶ `%s` ስለሆነ፣ ዋጋውን ከኮማ በኋላ በመስጠት ፈንታ በፓይተን የ`%` ምልክት ማያያዝ ቀላል ነው። ይህ መልኩን የለወጠ መለጠፍ ነው።

ዘዴው የማይደርስባቸው ነገሮችም አሉ። የሰንጠረዥና የዓምድ ስም በቦታ ያዥ ሊላክ አይችልም፤ ትእዛዙ ሲመረመር ስሞቹ መታወቅ አለባቸውና። ተጠቃሚው የሚደረደርበትን ዓምድ እንዲመርጥ ከተፈለገ ምርጫው አስቀድሞ ከተዘጋጀ ዝርዝር ጋር መነጻጸር ይኖርበታል። ሌላው ወሰን የአጻጻፍ ልዩነት ነው። የቃላት ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ቀጥ ያለውን አፖስትሮፍ በተጠማዘዘው ሊተኩት ይችላሉ፤ `har'a` እና `har’a` ደግሞ ለቋቱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ባለፓራሜትሩ ትእዛዝ ሁለቱንም እንደመጡ በታማኝነት ያስቀምጣል። ወደ አንድ አጻጻፍ ማምጣት ተመራማሪው አስቦ የሚወስነውና በጥናቱ የአሠራር ክፍል ውስጥ የሚገልጸው ተግባር እንጂ፣ የትእዛዝ ስሕተትን ሲሸሹ በድንገት የሚደረግ ነገር መሆን የለበትም።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ለውጦች ተገቢ ናቸው። የመጀመሪያው የትምህርቱን ቅደም ተከተል ይመለከታል። መለጠፍን በመረጃ ቋት ኮርስ አስተምሮ አደጋውን ለደኅንነት ኮርስ ማቆየት፣ ተማሪው ልማዱን ከያዘ በኋላ እንዲተወው መጠየቅ ነው። ባለፓራሜትር ትእዛዝ ከተለጠፈው ይልቅ በፊደል ብዛት እንኳ ያነሰ ስለሆነ በመጀመሪያው ትምህርት ሊቀርብ ይችላል። ሁለተኛው የጥናት ግምገማን ይመለከታል። መረጃውን በፕሮግራም ወደ ቋት ያስገባ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ፣ ገምጋሚው የማስገቢያውን ትእዛዝ ለማየትና ከምንጩ ስንት መስመር ተነሥቶ ስንቱ እንደገባ ለመጠየቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። መልሱ ስድስት ተነሥተው ሁለት ገቡ የሚል ከሆነ ቀሪዎቹ አራት የት እንደደረሱ ሳይታወቅ ወደ ውጤቱ ሰንጠረዥ መሻገር አይገባም።