ኅዳር 12 እንዴት ማርች 12 ሆነ?

ባለፈው ሳምንት ለቀበሌ የሚጻፍ ማመልከቻ አይተን ነበር። ዛሬ የምንጽፈው ለኤምባሲ ነው። ኤምባሲ ማለት የውጭ አገር መንግሥት በአገራችን ውስጥ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው። ወደዚያ አገር መግቢያ ፈቃዱን፣ ማለት ቪዛውን፣ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ነገሩን ያመጡት ከክፍላችን አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው ውጭ አገር ወዳለው ባልዋ ለመሄድ አመልክታለች። ኤምባሲው ግን ወረቀቶችዋን አይቶ፣ «የልደት ቀንሽ በሁለቱ ሰነዶች ላይ ለምን ተለያየ? በጽሑፍ አስረጂ» አላት። እናትየው ሁለቱንም ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። «ልጄ፣ እስቲ አንተው እየው፤ እኔ የወለድኳት አንድ ቀን ነው» አሉኝ።

የልደት ምስክር ወረቀቱ 12/3/1990 ይላል። ፓስፖርቱ ደግሞ 12 ማርች 1998 ይላል። ማርች በአውሮፓ አቆጣጠር ሦስተኛው ወር ነው።

ደብዳቤ ከመጻፋችን በፊት ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ እንፈልግ። እትዬን፣ «መቼ ወለዷት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «በኅዳር ሚካኤል ነዋ! ሰው ሁሉ ንግሥ ሄዶ እኔ ምጥ ላይ ነበርኩ» አሉ። ኅዳር ሚካኤል ኅዳር 12 ቀን ነው። ኅዳር ከመስከረም ሲቆጠር ሦስተኛ ወር ነው። ስለዚህ 12/3/1990 ትክክል ነው፤ ኅዳር 12 ቀን 1990 ዓመተ ምሕረት ማለት ነው።

አሁን ይህን ቀን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር እንለውጠው። መስከረም 1 ቀን አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ካለፈች ግን የሚቀጥለው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። የ1989 ጳጉሜን 5 ቀን ስለ ነበረች በ11 እንጀምራለን። መስከረም 30፣ ጥቅምት 30፣ ከኅዳር 12፣ ድምሩ 72 ቀን። በእነሱ በኩል ደግሞ ከሴፕቴምበር 11 እስከ ወሩ መጨረሻ 20 ቀን፣ ኦክቶበር 31 ቀን፣ ድምሩ 51። 72 ለመሙላት 21 ይቀራል። ስለዚህ ልጅቱ የተወለደችው ኖቬምበር 21 ቀን ነው።

ዓመቱስ? የአውሮፓ ዓመት የሚለወጠው በታኅሣሥ ወር ውስጥ፣ በ22 ወይም በ23 ግድም ነው። ከመስከረም እስከዚያ ድረስ 7 ዓመት እንጨምራለን፤ ከዚያ በኋላ 8 እንጨምራለን። ኅዳር ከታኅሣሥ ይቀድማልና 1990 ሲደመር 7፣ 1997 ይሆናል። እውነተኛው ቀን ኖቬምበር 21 ቀን 1997 ነው።

ፓስፖርቱ ላይ የተደረገው ምን እንደ ሆነ አሁን ይታያል። 12 እና 3 ሳይለወጡ እንዳሉ ተገለበጡ። ዓመቱ ላይ ብቻ 8 ተጨመረ። ሦስተኛው ወር ኅዳር መሆኑ ቀርቶ ማርች ሆነ። በሁለቱ ቀኖች መካከል 111 ቀን ልዩነት መጣ። ወሩ በፊደል «ኅዳር» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። እኔ በበኩሌ ወርን በቁጥር መጻፍ አልወድም።

ኤምባሲው የሚፈልገው ይህንኑ መንገድ ማየት ነው። የሱ ጥያቄ፣ «ሁለቱ ወረቀቶች የአንድ ሰው ናቸው ወይስ የሁለት?» የሚል ነው። «የኛ አቆጣጠር ይለያል» ብቻ ብንለው አይበቃውም። የትኛው ቁጥር እንዴት ወደ የትኛው እንደ ተለወጠ ማሳየት አለብን።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ፓስፖርቱ 1995 ቢል ኖሮ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ያን ሊያስረዳልን አይችልም ነበር። ስሌቱ ወደዚያ አያደርስምና። እንዲህ ሲሆን ትክክለኛውን ምክንያት መናገር እንጂ በአቆጣጠር ማሳበብ አይገባም። መርማሪው ራሱ ይቆጥራል፤ ሐሰት ያገኘ እንደ ሆነ ማመልከቻው በሙሉ ይበላሻል።

ከእትዬ ጋር የጻፍነው ደብዳቤ ይኸውና፦

ቀን ………
ለ……… ኤምባሲ የቪዛ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሁለት ሰነዶች ላይ የተለያየ የልደት ቀን ስለ መጻፉ ማስረዳትን ይመለከታል

እኔ አመልካች ……… የፓስፖርት ቁጥሬ ………፣ የማመልከቻዬ ቁጥር ……… ነው።

የልደት ምስክር ወረቀቴ የተወለድኩበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 12/3/1990፣ ማለት ኅዳር 12 ቀን 1990 ይላል። ይህ በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 1997 ነው። ትክክለኛው የልደት ቀኔ ይህ ነው።

ፓስፖርቴ ግን ማርች 12 ቀን 1998 ይላል። ስሕተቱ የመጣው ቀኑና ወሩ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሳይለወጡ ተገልብጠው ዓመቱ ላይ ብቻ 8 ስለ ተጨመረ ነው።

ሁለቱም ሰነዶች የእኔ ናቸው። ለማስረጃ የልደት ምስክር ወረቀቴን፣ የክርስትና ምስክር ወረቀቴንና የስምንተኛ ክፍል የትምህርት ማስረጃዬን ከነትርጉማቸው አያይዣለሁ። ኤምባሲው ይህን ተመልክቶ ማመልከቻዬን እንዲመረምርልኝ፣ ፓስፖርቱን አስቀድሜ ማሳረም የሚያስፈልገኝም ከሆነ እንዲያስታውቀኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ፊርማ ………

ደብዳቤው አጭር ነው። እትዬ ስለ ሠርጉና ስለ ልጅቱ ናፍቆት እንድንጨምር ፈልገው ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ልጅቱ ባልዋን ካየች ሁለት ዓመት አልፏታል። ነገር ግን የተጠየቅነው ስለ ቀን ነውና ተውነው። «እገሌ የሚባል ጸሐፊ አበላሸብኝ» ማለትንም ተውን። ማን እንደ ጻፈው አናውቅም፤ ቢታወቅም ለኤምባሲው ምንም አይረባውም።

ደብዳቤው ኤምባሲው በሚቀበለው ቋንቋ ይተረጎማል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። አንዳንድ ተርጓሚ ለመርዳት ብሎ የልደት ወረቀቱን ቀን ከፓስፖርቱ ጋር ያመሳስለዋል። ያን ጊዜ ዋናው ወረቀት ሌላ፣ ትርጉሙ ሌላ ይሆናል፤ የሌለ ማጭበርበር ያለ ይመስላል። ተርጓሚውን፣ «ዋናው ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ጻፍልኝ፤ አጠገቡ በአውሮፓ አቆጣጠር ስንት እንደሚሆን አመልክት» በሉት። ከዚያ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። የእኛ ተርጓሚ ኖቬምበር 21ን ኖቬምበር 12 ብሎት ነበር። ያገኙት እትዬ ናቸው።

ቅጽ ላይ የልደት ቀን ሲጠየቅ ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ይሞላል፤ ቪዛው የሚለጠፈው በዚያው ፓስፖርት ላይ ነውና። ልዩነቱ በደብዳቤው ይገለጻል። ሁለቱንም ትቶ ሦስተኛ ቀን መጻፍ ግን አዲስ ጣጣ ማምጣት ነው።

ደብዳቤው ፓስፖርቱን አያርምም። ፓስፖርቱ የሚታረመው በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው። ገና ያላመለከተ ሰው አስቀድሞ ቢያሳርም ይሻለዋል። ያመለከተ ግን ኤምባሲውን ሳይጠይቅ ፓስፖርት አይለውጥ፤ አዲሱ ፓስፖርት አዲስ ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ ከማመልከቻው ጋር አይገናኝም።

እትዬ የደብዳቤውን አንድ ቅጂ ሣጥናቸው ውስጥ አስቀምጠዋል። ሌላውን ልጅቱ ይዛ ሄዳለች፤ ለቃለ መጠይቅ ሲጠሯት ሁለቱንም ቀን ሳታይ እንድትናገር እናትየው ሦስት ቀን አስጠንተዋታል።