ማተሚያው ማንንም ማንበብ አላስተማረም

በቅርቡ በአንድ የመጻሕፍት ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ፣ ጉተንበርግ ማተሚያውን ሠራ፣ ሕዝቡ ማንበብ ጀመረ፣ ያነበበውም ሕዝብ ቤተ ክርስቲያንን ተገዳደረ ብለው የአውሮፓን የሃይማኖት ክርክር በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ከዚያም መከሩን፤ መሣሪያውን ብቻ አስገቡ፣ ንባቡ ራሱ ይመጣል አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን ተናድጄ ወጣሁ። በዚህ አባባል ስንት ገንዘብና ስንት የልጆች ዕድሜ እንደሚባክን ስለማውቅ ዝም ማለት አልችልም።

ዓመቶቹን እንቁጠር። የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ ማይንዝ ላይ ታትሞ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1455 ገደማ ነው። ማርቲን ሉተር 95ቱን አንቀጾች ያወጣው በ1517 ነው። በመካከላቸው ከ60 ዓመት በላይ አለ፤ ማተሚያውም በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራ አልፈታም። ማይንዝ ላይ መጀመሪያ ከታተሙት መካከል የኃጢአት ሥርየት ወረቀቶች ይገኙበታል፤ የገዢው ስምና ቀኑ በእጅ እንዲሞላ ቦታው ባዶ ይተው ነበር። ሉተር በኋላ የተነሣበትን ንግድ ያፋጠነው ይኸው ማተሚያ ነው። በጀርመንኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን ስትራስቡርግ ላይ በ1466 ወጥቷል፤ ከሉተር ትርጉም በፊት 18 ያህል እትሞች ነበሩ። ማሽኑ ብቻውን ሕዝብን አንባቢ፣ አንባቢውንም ተከራካሪ የሚያደርግ ከሆነ ያ ሁሉ ዘመን ምን ሲጠብቅ ነበር?

ነገሩን የለወጠው በ1518 ሉተር ስለ ሥርየትና ጸጋ በጀርመንኛ ያወጣት አጭር ስብከት ናት። 95ቱ አንቀጾች በላቲን ለሊቃውንት የተጻፉ ነበሩ። ይህቺ ግን በሕዝቡ ቋንቋ፣ በ20 አጫጭር ነጥቦች ተጻፈች። አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለት ፊት ታትሞ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ 8 ገጽ ይሆናል፤ ስብከቷ በዚያ ውስጥ ገባች። ይህ ለአታሚው ትልቅ ነገር ነው። ወፍራም የላቲን መጽሐፍ ወረቀቱ አስቀድሞ ተገዝቶ፣ ለወራት ታትሞ፣ ገዢው ደግሞ በየአገሩ ተፈልጎ ነበር ገንዘቡ የሚመለሰው፤ ብዙ አታሚም በዚህ ከስሯል። ትንሿ ጥራዝ ግን በጥቂት ቀን ታትማ እዚያው ከተማ ትሸጣለች። ከልካይ የባለቤትነት ሕግ ስላልነበረ የላይፕሲግ፣ የኑረምበርግ፣ የአውግስቡርግና የባዝል አታሚዎች አንድ ቅጂ ሲደርሳቸው ፊደል ለቅመው እንደገና ያትሟታል። በ2 ዓመት ውስጥ ከ20 ጊዜ በላይ ታተመች።

ያን ጊዜም አብዛኛው ሕዝብ ፊደል አይለይም ነበር። አንድ የሚያነብ ሰው በመጠጥ ቤት ወይም በገበያ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ሰምቶ ይከራከራል። ተናጋሪው የዘለሉት ይህን ነው። ክርክሩ ወደ ሕዝብ የገባው ሕዝቡ ማንበብ ከመቻሉ በፊት ነው። በ1519 ሉተርና ዮሐንስ ኤክ ላይፕሲግ ላይ ሲሟገቱ ፍርዱ ለኤርፉርትና ለፓሪስ ዩኒቨርሲቲዎች ተትቶ ነበር። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይወስኑ የሁለቱም ወገን ደጋፊዎች የየራሳቸውን ትረካ አትመው በተኑ። የነገረ መለኮት ሙግት ዳኛው ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ የገበያው አድማጭ ሆነ። ማተሚያው ያመጣው ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ ለዚህ ደግሞ በየመንደሩ አንድ አንባቢ ይበቃል።

ንባብስ? በ1528 የሳክሶኒ አጥቢያዎች ሲጎበኙ፣ ያውም የሉተር መጻሕፍት አገሩን ካጥለቀለቁ ከ10 ዓመት በኋላ፣ ምእመኑ ቀርቶ ብዙ ካህናት እንኳ የእምነቱን መሠረት በቅጡ አያውቁም ነበር። ሉተር ይህን አይቶ በ1529 አጭሩን ካቴኪዝም አወጣ፤ የቤቱ አባት ለልጆቹና ለሠራተኞቹ እየደጋገመ እንዲያስጠናቸው። ማሽኑ የተወውን ሥራ የሰው ጉሮሮ ጀመረው።

የእኛው ግዕዝ ራሱ ምስክር ነው። ዮሐንስ ፖትከን የግዕዝ መዝሙረ ዳዊትን ሮም ላይ ያሳተመው በ1513፣ ከሉተር አንቀጾች 4 ዓመት ቀድሞ ነው። በአገር ቤት ግን ልጆች ዳዊት መድገማቸውን የቀጠሉት በብራና፣ በየኔታ ፊት ተቀምጠው ነው።

ንባብ በእርግጥ አገር ያዳረሰበትን ቦታ ማየት የሚፈልግ ስዊድንን ይመልከት። የ1686ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ሰው ሁሉ ማንበብ እንዲማር አዘዘ፤ ቄሱም በየቤተሰቡ እየዞረ ንባብንና ካቴኪዝምን እየፈተነ በመዝገብ ጻፈ። ያላጠና ቅዱስ ቁርባን ሊከለከል፣ ጋብቻም ሊዘገይበት ይችል ነበር። በአብዛኛው ገጠር ትምህርት ቤት ሳይኖር፣ እናትና አባት እያስተማሩ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት አብዛኛው ስዊድናዊ ማንበብ ቻለ። መጻፍ ግን ብዙዎቹ አልቻሉም። ቄሱ የሚፈትነው ንባብን ነበርና።