«ትልቁን ፓወር ብቻ እይ»

በዩኒቨርሲቲ የካልኩለስ ክፍል ሊሚት ኮምፓሪዝን ሲደርስ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ላዕሉ √(n³+2n)፣ ታህቱ 2n³+5። መምህሩ «ትልቁን ፓወር ብቻ እይ፣ ሌላውን እርሳው» ይላል። ላይ n³ᐟ² ታች 2n³ ይቀራል፤ ስለዚህ ማወዳደሪያው 1/n³ᐟ² ነው። የሁለቱ ውድር ሊሚት 1/2 ሆነ፤ ዜሮም ማለቂያ የሌለውም ስላልሆነ ሲሪሱ እንደ ማወዳደሪያው ኮንቨርጅ ያደርጋል። ተማሪው ገልብጦ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል።

ምክሩ እዚህ ላይ ልክ ነው። ችግሩ የሚሠራበት ሁኔታ አብሮት አለመነገሩ ነው፤ ትልልቆቹ ፓወሮች እርስ በርስ የማይሰራረዙ ከሆነ ብቻ ነው የሚያገለግለው። መጻሕፍቱም ይህን የሚሸፍኑት ሳያስቡት ነው፤ መልመጃዎቻቸው በብዛት በመደመር ምልክት የተሞሉ ናቸው።

የመቀነስ ምልክት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ሁለት ሲሪሶችን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይበቃል። አንደኛው ድምር የ√(n²+1) − n ነው፤ ሁለተኛው የ√(n⁴+1) − n²። ምክሩን የያዘ ተማሪ በመጀመሪያው n − n፣ በሁለተኛው n² − n² ያገኛል። ሁለቱም ዜሮ! በዜሮ ደግሞ የሚወዳደር የለም። ያኔ አንዱ «ዜሮ ከሆነ ኮንቨርጅ ያደርጋል» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው የሚያውቃቸውን 1/n እና 1/n² ተራ በተራ ይሞክራል።

ግን በኮንጁጌት ማባዛት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የመጀመሪያው 1/(√(n²+1)+n) ይሆናል። አሁን ታህቱ ውስጥ ያለው መደመር ስለሆነ የሚሰራረዝ ነገር የለም፤ ቃሉ ወደ 1/(2n) ይጠጋል፣ ሲሪሱም ዳይቨርጅ ያደርጋል። ሁለተኛው 1/(√(n⁴+1)+n²) ሆኖ ወደ 1/(2n²) ይጠጋል፤ ኮንቨርጅ ያደርጋል። n = 100 ሲሆን የመጀመሪያው ወደ 0.005፣ ሁለተኛው ወደ 0.00005 ገደማ ነው። ሲታዩ መንትያ የሚመስሉት ሁለቱ ጥያቄዎች መልሳቸው ተቃራኒ ነው፤ ከዜሮ የለያቸውም ከትልቁ ፓወር ጎን «እርሳው» የተባለው 1 ነው። (∛(n³+n²) − n ደግሞ ከነጭራሹ ማወዳደሪያ አይሻም፤ ቃሎቹ ወደ 1/3 ስለሚሄዱ ድምሩ ወዲያው ዳይቨርጅ ያደርጋል።)

ሁለተኛው መጥፎ ልማድ ያ የመሞከር ነገር ነው። ወደ መጀመሪያው የሰሌዳ ምሳሌ እንመለስና ተማሪው 1/n³ᐟ² አልታየውም እንበል። በ1/n ሲያወዳድር ሊሚቱ 0 ይሆናል። በ1/n² ሲያወዳድር ወደ ማለቂያ የሌለው ይሄዳል። የመጀመሪያው ውጤት የተማሪው ሲሪስ ዳይቨርጅ ከሚያደርግ ሲሪስ ያነሰ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ኮንቨርጅ ከሚያደርግ የበለጠ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱም ምንም አይፈይዱም። ሆኖም በእርማት ወቅት «ሊሚቱ 0 ነው፣ ስለዚህ ኮንቨርጅ ያደርጋል» የሚል መልስ ማየት የተለመደ ነው። ሊሚቱ 0 ሲሆን ኮንቨርጅ ማለት የሚቻለው ማወዳደሪያው ራሱ ኮንቨርጅ የሚያደርግ ሲሆን ብቻ ነው።

መገመቱ የሚያበሳጨው ደግሞ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ጨርሶ አስፈላጊ ስላልሆነ ነው። ከሩትና ከፖሊኖሚያል ብቻ የተሠራ ቃል፣ ከአንድ ቦታ ጀምሮ ዜሮ እስካልሆነ ድረስ፣ n ሲያድግ ከ c/nᵖ ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ይወጣል፤ p ደግሞ ክፍልፋይ ወይም ሙሉ ቁጥር ነው። የዚህን ዓይነት አዘረጋግ ኒውተን በ1676 በደብዳቤ ገልጾታል፣ ፈረንሳዊው ፒዩዞ በ1850 አጥብቆ አረጋግጦታል። ስለዚህ ማወዳደሪያው ከትዝታ የሚመዘዝ ሳይሆን ከቃሉ ከራሱ የሚወጣ ነው። መጀመሪያ ቃሉ ይስተካከላል፤ ሩት ከሌላ ነገር ሲቀነስ በኮንጁጌት፣ ኪዩብ ሩት ከሆነ በ a³ − b³ ቀመር። p ከታወቀ በኋላ ሊሚቱን ማስላት ማረጋገጫ ብቻ ነው።

«በካልኩሌተር ብፈትሸውስ?» የሚል አይጠፋም። ፓይተን ላይ n = 100,000,000 አድርጎ የመጀመሪያውን ቃል ማስላት ይቻላል፦

```
import math
math.sqrt(10**16+1) - 10**8
```

የሚወጣው 0.0 ነው። እውነተኛው ዋጋ ወደ 0.000000005 ይጠጋል። ኮምፒውተሩ 10¹⁶+1ን ከ10¹⁶ ለይቶ የሚይዝበት አሃዝ ስለሌለው 1ዷን እሱም ጥሏታል። ያንኑ ቃል `1/(math.sqrt(10**16+1) + 10**8)` ብለው ቢጽፉለት ግን 5e-09 ብሎ ይመልሳል።