መስኮቱን የዘጋ ከጉንፋን አላመለጠም

ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ መስኮት ገርበብ ካደረገ ከኋላ ወንበር ድምፅ ይሰማል፤ «ዝጋው እንጂ፣ ንፋስ ይመታናል!» ረዳቱም ይዘጋዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ግማሹ ሰው ሲያስነጥስ ጥፋተኛው አሁንም ንፋሱ ነው። ይህ ፍርድ የተገለበጠ ነው። በሽታው ከውጭ በመስኮት አልገባም፤ አብሮ ተሳፍሮ ነበር፤ መውጫውን የዘጉበት ደግሞ ተሳፋሪዎቹ ናቸው።

ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ የሚመጡት ከቫይረስ ነው። የታመመ ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ የሚረጨው ትልልቅ ጠብታ ከባድ ስለሆነ በሴኮንዶች ውስጥ አንድ ሁለት ሜትር ሳይርቅ ይወድቃል። ሰው አፉን በክርኑ ሲሸፍን የሚያግደው በዋናነት ይህንን ነው። ነገር ግን ሲያወራና ሲተነፍስ ጭምር በዓይን የማይታይ ረቂቅ ብናኝ ይወጣል። የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሁለት መቶኛ የሚያህል ብናኝ ካልተንቀሳቀሰ አየር ውስጥ ከሰው ቁመት መሬት እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከዚያ ያነሰው ለሰዓታት ይንሳፈፋል። እንደ ትምባሆ ጭስ ነው፦ አጫሹ ጥግ ቢቀመጥም ሽታው ሌላው ጥግ ይደርሳል።

ለዚህ በደንብ የተመዘገበ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 በአላስካ 54 ሰዎች ያሉበት አውሮፕላን ሞተሩ ተበላሽቶ ለሰዓታት መሬት ላይ ቆመ፤ አየር ማዘዋወሪያውም ጠፍቶ ነበር። ውስጡ በኢንፍሉዌንዛ የታመመ አንድ ሰው ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ከመቶ 72ቱ ታመሙ። ሁሉም ከታማሚው ጎን አልተቀመጡም፤ ሁሉም ግን አንድ አየር ተካፍለዋል።

አሁን ወደ ጉና ግርጌ ትምህርት ቤቶች እንምጣ። ስምንት ሜትር በሰባት፣ ከፍታው ሦስት ሜትር የሆነ ክፍል 168 ሺህ ሊትር አየር ይይዛል። 60 ተማሪ ተቀምጦ እያንዳንዱ በደቂቃ ሰባት ሊትር ያህል ቢተነፍስ፣ በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ወደ 17 ሺህ ሊትር ትንፋሽ ይወጣል። መስኮትና በር ጥርቅም ካለ በደወሉ ሰዓት ከክፍሉ አየር አንድ አሥረኛው ከሰው ሳንባ የወጣ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ቦታው ከዚህ በብዙ እጥፍ ስለሚያንስ ክምችቱ ይፈጥናል። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ቀድሞ መተላለፍ ስለሚጀምር «የታመመ ቤቱ ይዋል» ማለት ብቻውን አይበቃም።

«እጅ መታጠብስ?» የሚል ይኖራል። ይገባል። ቫይረሱ በብረት መያዣና በፕላስቲክ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በጨርቅና በወረቀት ላይ ያንሳል፤ እጅ ላይ ግን ለደቂቃዎች ብቻ ነው። አደጋው መያዣውን ነክቶ ወዲያው አፍንጫና ዓይንን ማሸት ላይ ነው። ሆኖም በር ላይ የእጅ መታጠቢያ አስቀምጦ መስኮቱን በምስማር የሚመታ ተቋም አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ወለል አድርጎ ከፍቷል።

የተሳሳተ መድኃኒት ዕድሜው ረጅም ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ ሺዎች አለቁ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ ቆሻሻ ይቃጠላል። ያኔ ቫይረሱን ያየ ስላልነበረ ክፉ አየርን በጭስ ማባረር የሚፈረድበት አልነበረም። ዛሬ ግን ጭስ ኢንፍሉዌንዛን እንደማያቆም፣ ይልቁንም የታመመ ሳንባን እንደሚያስቆጣ ይታወቃል።

የመስኮት ዘጊዎች ጠንካራ ክርክር ብርዱ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጉና ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ቫይረሱን ያቆየዋል፤ የአፍንጫንም መከላከያ ያደክማል። ግን ቫይረስ በሌለበት ብርድ ብቻውን ጉንፋን አያመጣም። ደግሞም ብርዱ ራሱ ይረዳል፦ ውስጡ ሞቆ ውጭው በቀዘቀዘ መጠን አየሩ በፍጥነት ይለዋወጣል፤ ሞቃቱ ከላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል። ስለዚህ ሁሉንም መበርገድ አያስፈልግም። በተቃራኒ ግድግዳ ያሉ ሁለት መስኮቶች ከላይ በኩል አንድ ስንዝር ይከፈቱ፤ በእረፍት ሰዓት ሁሉም ወለል ይበሉ። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይሁኑ። ለብርዱ ጋቢ አለ።

መለኪያው ቀላል ነው። መስታወቱ ካላበው ያ ውኃ የሰው ትንፋሽ ነው። ከውጭ የገባ ሰው አየሩ ከከበደው ክፍሉ ታፍኗል። ርዕሰ መምህርም፣ ሹፌርም፣ የስብሰባ አዳራሽ ኃላፊም ይህንን አይቶ መስኮት ካልከፈተ፣ ተማሪው ይዞት የሄደው ጉንፋን ቤት ያሉትን አያቱንና ጨቅላ እህቱን ሲጥል «ንፋስ ነው» የሚለው ሰበብ አያድነውም።