«ድርቀት» ሲል የትኛውን ነው? ኤአይ በአማርኛ የሚጽፈውን የጤና ምክር ስለ መመርመር



ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስለ ልጃቸው ሕመም ከኤአይ ቻትቦት ያገኙትን የአማርኛ ጽሑፍ በስልካቸው ይዘው የሚመጡ ወላጆች በዝተዋል። አንዳንዶቹ «ዶክተር፣ ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ይሉኛል። ቃሉን እኔም ሰምቼው የማላውቅበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም እንዲህ የሚባል የአማርኛ ቃል የለም። ወላጁ ግን «አማርኛዬ ደካማ ስለሆነ ነው» ብሎ ያፍራል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ሰምተነው የማናውቀው ቃል ቢያንስ ቆም ያደርገናል፣ እንጠይቃለን። ይበልጥ የሚያስፈራኝ በደንብ የምናውቀው ቃል ሌላ ትርጉም ይዞ ሲመጣ ነው፤ እሱን ማንም አይጠይቅም። ሁለቱም ከየት እንደሚመጡና እንዴት እንደሚለዩ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

የሌለው ቃል ከየት ይመጣል?

እነዚህ ፕሮግራሞች መልስ የሚጽፉት መዝገበ ቃላት ገልጠው አይደለም። ቀደም ብለው ከተማሩበት እጅግ ብዙ ጽሑፍ በመነሳት ቀጥሎ የሚመጣው ቁራጭ ምን ሊሆን እንደሚችል እየገመቱ ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ብዙ በተጻፈበት ቋንቋ ግምታቸው ጥሩ ይሆናል፣ ጥቂት በተጻፈበት ግን ይሳሳታል። ልዩነቱን ለመገመት ያህል፣ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት የአማርኛው ያለው ወደ 15 ሺህ ገደማ ነው።

በጤና ጉዳይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። በአገራችን ሕክምና የሚሰጠው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ የታካሚውን ካርድ የምንጽፈውም በእንግሊዝኛ ነው። ለታካሚው በአማርኛ የምናስረዳው በቃል ስለሆነ ወረቀት ላይ አይቀርም። እናቶች ስለ ልጅ ሕመም የሚጠቀሙባቸው ጥሩ ጥሩ ቃላትም ከአፍ ወደ አፍ እንጂ በጽሑፍ ብዙም አይገኙም። ፕሮግራሙ ደግሞ ያልተጻፈውን ሊማር አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት የአማርኛ አሠራር ነው። ፕሮግራሙ ቃላትን የሚያየው ቆራርጦ ነው። የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ ሳይቆረጥ ይያዛል፤ የአማርኛ ቃል ግን በብዙ ትንንሽ ቁራጮች ተከፍሎ መልሶ ይገጣጠማል። ከ«ደረቀ» ድርቀት፣ ድርቅ፣ ድርቆሽ፣ ማድረቂያ የሚሉ ቃላት ይወጣሉ። ፕሮግራሙ ይህን የእርባታ መንገድ ስለሚያውቅ በዚያው ቅርጽ «ተድራቂነት» የሚል ነገር ሊሠራ ይችላል። ሲነበብ አማርኛ ይመስላል፣ ግን ማንም ብሎት አያውቅም። ትግርኛም የሚጻፈው በዚሁ ፊደል ስለሆነ አንዳንዴ የትግርኛ ቃል አማርኛው መሐል ሾልኮ ይገባል። ለምሳሌ ተቅማጥ ማለት የነበረበት ቦታ ላይ «ውጽኣት» የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ።

አንድ ምሳሌ እንይ

የ10 ወር ልጅ አለ እንበል፤ ክብደቱ 8 ኪሎ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል። እናቱ ያገኘችው ጽሑፍ ውስጥ የሚከተሉት አራት አገላለጾች አሉ።

የመጀመሪያው «ተድራቂነት» ነው። ይህ ቃል የለም። እናትየው አልገባትም፣ ስለዚህ ትጠይቃለች። ከአራቱ ጉዳቱ ትንሹ ይህ ነው።

ሁለተኛው «በጭንቅላቱ ላይ ያለው ለስላሳ ቦታ ከሰመጠ» የሚለው ነው። ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ናቸው፣ ግን ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የመጡ ናቸው። እኛ ይህን ቦታ እርግብግቢት ነው የምንለው። እርግብግቢት መሰርጎዱ ልጁ ብዙ ፈሳሽ እንዳጣ ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዱ ነው። «እርግብግቢቱን እዩ» ብትባል ማንኛዋም እናት እጇ በቀጥታ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይሄዳል፤ «ለስላሳ ቦታ» ስትባል ግን የቱን እንደምትነካ አታውቅም።

ሦስተኛው «ድርቀትን ይከላከሉ» የሚለው ነው። አደገኛው ይሄ ነው። ጽሑፉ ሊል የፈለገው የሰውነት ፈሳሽ መሟጠጥን ነው። በየቤታችን ግን ድርቀት ስንል ሰገራ እንቢ ማለቱን፣ የሆድ ድርቀትን ነው። ልጇ የሚያስቀምጠው እናት ይህን ስታነብ «የእኔ ልጅ ችግሩ ተቃራኒው ነው፣ ይህ እሱን አይመለከትም» ብላ አንቀጹን ልትዘለው ትችላለች። አንቀጹ ውስጥ ያለው ግን ለልጇ ሕይወት ዋናው ምክር ነው። ቃሉን ስለምታውቀው ለመጠየቅ ምንም ምክንያት የላትም።

አራተኛው «ፈሳሹን በ4 ሰዓት ይስጡት» የሚለው ነው። መጠነኛ የፈሳሽ መሟጠጥ ያለበት ልጅ በጤና ተቋም ኦአርኤስ የሚሰጠው በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ተሰልቶ ነው። ለዚህ ባለ 8 ኪሎ ልጅ 600 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህም ትንሽ በትንሽ፣ በ4 ሰዓታት ጊዜ ውስጥ ነው የሚሰጠው። «በ4 ሰዓት» ብቻ ከተባለ ግን እኛ የምናነበው ረፋድ 4 ሰዓት ብለን ነው። እናትየው ሰዓቱ እስኪደርስ ልትጠብቅ ትችላለች፤ ከዚያም ሁሉንም በአንዴ ልትሰጠው፣ ልጁም ሊያስመልሰው ይችላል።

ለዚህች እናት በቤት ውስጥ መባል የነበረበት ይህ ነው፦ ሙሉውን አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጪው። ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በጥቂት በጥቂቱ አጠጪው። ጡቱን አታቋርጪ። ዚንክም በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ስጪው። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ኦአርኤስ ደፍተሽ አዲስ በጥብጪ።

እንዴት እንመርምረው?

አንደኛ፣ ሰምታችሁት የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ ትርጉሙን አትገምቱ። ቃሉን ብቻውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። ፊደል ስለሚለያይ በ«ሀ» እና በ«ሐ»፣ በ«ሰ» እና በ«ሠ» ቀያይራችሁ ሞክሩ። ምንም ካልወጣ ወይም የሚወጡት በማሽን የተተረጎሙ የሚመስሉ ገጾች ብቻ ከሆኑ ቃሉን አትመኑት። ከዚህም የሚቀለው ልጅ ላሳደገች እናት ወይም ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

ሁለተኛ፣ የበሽታው፣ የምልክቱና የመድኃኒቱ ስም ከጎኑ በእንግሊዝኛ መጻፉን እዩ፤ ከሌለ እንዲጻፍ አድርጉ። ይህ የሚጠቅመው ለምታውቁት ቃል ጭምር ነው። ከ«ድርቀት» አጠገብ የእንግሊዝኛው ስም ቢኖር ፋርማሲስቱ አንድ ጊዜ አይቶ የትኛው ድርቀት እንደሆነ ይነግራችኋል። በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ልጆቻችሁ ሊያዩላችሁ ይችላሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ አማርኛውን ለዚያው ፕሮግራም መልሳችሁ ሰጥታችሁ ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎም ማረጋገጫ አይሆንም። ራሱ የፈጠረውን ቃል ራሱ «በትክክል» ሊተረጉመው ይችላልና።

ሦስተኛ፣ ቁጥር ያለበትን መስመር ሁሉ ከፓኬቱ ወይም ከመድኃኒቱ ጠርሙስ ጋር አስተያዩ። ኦአርኤስ በአንዳንድ አገር በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ በሚበጠበጥ ትንሽ ፓኬት ስለሚሸጥ፣ የሚታመነው በእጃችሁ ያለው ፓኬት ላይ የተጻፈው ነው። ውሃው ሲያንስ ጨው ይበዛል፣ ይህም ልጁን ይጎዳል። ሰዓት ሲጠቀስ «በየስንት ሰዓቱ ነው? በስንት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ነው? ወይስ በስንት ሰዓት ላይ?» ብላችሁ ለዩ። «ጠዋት 8 ሰዓት» የሚል ካያችሁ የፈረንጅ ሰዓት እንዳለ የተገለበጠ ነው፤ እኛ ዘንድ 8 ሰዓት ቀን ወይም ሌሊት እንጂ ጠዋት የለም።

መጨረሻ ላይ ምክሩን ስልኩን ሳታዩ በራሳችሁ ቃል ለባለሙያ ንገሩት፦ ምን፣ ምን ያህል፣ በየስንት ጊዜው፣ ለስንት ቀን። ምክሩን በራሳችሁ ቃል መናገር ካቃታችሁ፣ በእሱ መሠረት ለልጅ ምንም ነገር አትስጡ።

ይህ ሁሉ ምርመራ ገደብ አለው። ቃሉ ትክክል መሆኑ ምክሩ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ባማረ አማርኛ የተጻፈ የተሳሳተ የመድኃኒት መጠንም አለ። ለመመርመር ጊዜ የማይሰጥ ሁኔታም አለ። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ፣ ዓይኑ ወይም እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ ሰገራው ደም ካለው ስልኩን አስቀምጣችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

«ኤአይ አትጠቀሙ» ብዬ አልከለክልም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልጅ ሲያለቅስ ሰው የሚያገኘውን ሁሉ እንደሚያነብ አውቃለሁ። እኛ የጤና ባለሙያዎችም እርግብግቢትን እርግብግቢት፣ ትክትክን ትክትክ ብለን በአማርኛ ካልጻፍን ሌላ ማንም አይጽፍልንም። እስከዚያው ግን ያልገባችሁን ቃል ለመጠየቅ አትፈሩ። የገባችሁ የመሰላችሁንም፣ በልጅ ጉዳይ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁ።