ለአዲሷ ስንት ይከፈላት?

ለካፌዎ ሁለተኛ ገንዘብ ተቀባይ ሊቀጥሩ ነው እንበል። የመጀመሪያዋ አራት ዓመት አብራዎት ሠርታለች፤ ደመወዟ 10,500 ብር ነው። «ገበያው ስንት ነው?» ብለው አምስት ቤት ጠየቁ። 11,000፣ 12,000፣ 12,500፣ 13,000 እና 20,000 አሉዎት።

አማካዩን ለማውጣት አይቸኩሉ። ስለ ባለ 20,000ዋ ሲያጣሩ ለካ የግብር ማሳወቂያውንም የምታዘጋጀው እሷ ናት። ስሟ ገንዘብ ተቀባይ፣ ሥራዋ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነውና ከቁጥሩ ያውጧት። የቀሩት አራቱ የነገሩዎት ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ ያለውን መሆኑን ይጠይቁ (ደላላ ብዙ ጊዜ የሚጠራው እጅ የሚገባውን ነው)። ምሳና ትራንስፖርትም ለብቻ ይታይ። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ መካከሉ 12,250 ነው፤ ከ11,500 እስከ 13,000 ብር ቢሉ ያስኬዳል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲሷ በ11,500 ስትገባ፣ ሥራውን የምታሳያት ነባሯ በ1,000 ብር ታንሳታለች። በአንድ ካፌ ውስጥ ደግሞ ደመወዝ ምስጢር ሆኖ አይቆይም። ስለዚህ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ነባሯን 12,500 ያድርሷት። የ2,000 ብሩ ጭማሪ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ጋር በወር 2,220 ይሆናል፤ ይህንን የአዲሷ መቅጠሪያ ወጪ ላይ ደምረው ያስቡት። በአንዴ ካልቻሉ 1,500ውን አሁን ይጨምሩላት፣ 500ውን ለሐምሌ ብለው በጽሑፍ ይስጧት። ይህም ካልሆነ ቅጥሩን ያቆዩት።